አራተኛው መስመር የት ገባ?

በአንድ ጥቁር ስላይድ ላይ እጅግ የቀጠኑ ሁለት ስንጥቆች ጎን ለጎን ተከፍተዋል እንበል። የእያንዳንዳቸው ስፋት 0.04 ሚሊሜትር ነው፤ ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ያለው ርቀት ደግሞ 0.16 ሚሊሜትር። የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ የሌዘር ብርሃን በሁለቱ ውስጥ አልፎ 2 ሜትር ርቆ ባለ ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ፣ በየ8.1 ሚሊሜትሩ የተደረደሩ ቀያይ መስመሮች ይታያሉ። ከመሃለኛው ተነስተን ወደ ቀኝ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን እንቆጥራለን። አራተኛው ሊገኝበት በሚገባው ቦታ ላይ ግን ጨለማ ነው። አምስተኛው ደብዘዝ ብሎ ይቀጥላል። በግራም በኩል እንዲሁ።

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የተማርነው ይህን አያብራራም። ከሁለቱ ስንጥቆች የሚነሱት ሞገዶች የተጓዙት መንገድ ልዩነት ሙሉ የሞገድ ርዝመት፣ ወይም የዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ ሲሆን ከፍታ ከከፍታ ይገናኝና ብርሃኑ ይጎላል ተብለናል። በአራተኛው ቦታ ልዩነቱ በትክክል አራት የሞገድ ርዝመት ነው። መጉላት ነበረበት።

ምክንያቱን ለማግኘት አንዱን ስንጥቅ መሸፈን ይበቃል። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ወዲያው ይጠፉና በቦታቸው አንድ ሰፊ ቀይ ብርሃን ይቀራል። መሃሉ ደማቅ ነው፤ ወደ ዳር እየደበዘዘ ሄዶ ከመሃሉ 32.5 ሚሊሜትር ላይ ፈጽሞ ይጨልማል። 8.125ን በአራት ብናባዛ የምናገኘው ይህንኑ ቁጥር ነው። የጠፋው መስመር የወደቀው አንዱ ስንጥቅ ብቻውን ብርሃን በማይልክበት አቅጣጫ ላይ ነው።

ግን ክፍት የሆነ ስንጥቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብርሃን የማይልከው ለምንድን ነው? ስንጥቁ ጠባብ ቢሆንም ነጥብ አይደለም፤ በስፋቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቦታ የየራሱን ሞገድ ይልካል። ስንጥቁን በሐሳባችን ለሁለት እኩል እንክፈለውና በአንደኛው ጠርዝ የሚነሳው ብርሃን ከተቃራኒው ጠርዝ ይልቅ አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት በሚረዝም መንገድ የሚሄድበትን አቅጣጫ እንውሰድ። በዚህ አቅጣጫ ከላይኛው ግማሽ የመጀመሪያው ነጥብ የሚነሳው ሞገድ፣ ከታችኛው ግማሽ የመጀመሪያው ነጥብ ከሚነሳው ጋር ያለው ልዩነት ግማሽ የሞገድ ርዝመት ነው። የአንዱ ከፍታ በሌላው ዝቅታ ላይ ይወድቃል፤ ሁለቱ ይሰራረዛሉ። ሁለተኛው ነጥብ ከሁለተኛው፣ ሦስተኛው ከሦስተኛው እንዲሁ እየተጣመሩ ይጠፋሉ። ያለ ጥንድ የሚቀር ነጥብ የለም። ዲፍራክሽን የሚባለው የብርሃን መዘርጋት ጨለማ ቦታዎች ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ተማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው እዚህ ላይ ነው። d sin θ = nλ በሁለት ስንጥቆች መካከል ያለውን ርቀት ይዞ ብሩህ መስመርን ይሰጣል። a sin θ = mλ ደግሞ የአንዱን ስንጥቅ ስፋት ይዞ ጨለማን ይሰጣል። መልካቸው አንድ፣ ትርጉማቸው ተቃራኒ ነው። ፎርሙላውን ከመሸምደድ ይልቅ ከላይ ያየነውን ማጣመር ማስታወስ ይሻላል።

ሁለቱም ስንጥቆች ሲከፈቱ የሰፊው ብርሃን ቅርጽ አይጠፋም፤ ለቀጫጭኖቹ መስመሮች ጣሪያ ይሆናል። የመሃለኛውን ድምቀት 100 ብንለው፣ በእኛ ስላይድ የመጀመሪያው መስመር 81፣ ሁለተኛው 41፣ ሦስተኛው 9 ይሆናል። አራተኛው ዜሮ፣ አምስተኛው 3 ገደማ ነው። መስመሮቹ የሚቆሙበትን ቦታ የሚወስነው በስንጥቆቹ መካከል ያለው ርቀት ሲሆን፣ የድምቀታቸውን ልክ የሚወስነው የእያንዳንዱ ስንጥቅ ስፋት ነው። ርቀቱ የስፋቱ አራት እጥፍ ስለሆነ አራተኛው፣ ስምንተኛው፣ አሥራ ሁለተኛው ይጎድላሉ። ርቀቱ የስፋቱ ሦስት ተኩል እጥፍ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ዜሮ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል፣ ቀድሞውንም ጨለማ በሆነ ቦታ ላይ ያርፍ ነበር። ሁለቱ መስመሮች ይደክማሉ እንጂ አይጎድሉም።

ይህን የማያውቅ ሰው ሲለካ ይሳሳታል። የሚታዩትን ብቻ ቆጥሮ አምስተኛውን መስመር አራተኛ ካለው፣ 40.6 ሚሊሜትርን ለአራት ያካፍልና የሞገድ ርዝመቱን 812 ናኖሜትር ያገኛል። ይህ የዓይን ብርሃን ሳይሆን ኢንፍራሬድ ነው፤ በግድግዳው ላይ የምናየው ግን ቁልጭ ያለ ቀይ ነው። ስለዚህ ሙከራውን የምትሠሩ ሁሉ በመጀመሪያ በመሃሉ አጠገብ ያሉትን የሁለት መስመሮች ርቀት ለኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትን በዚያ ርቀት እየመደባችሁ እንጂ በዓይን እየቆጠራችሁ ቁጥር አትስጧቸው። ሌዘሩንም በቀጥታ አትመልከቱ።