ሥልጣን የሌለው ባለመብት፦ በገጠር ውኃ ፕሮጀክት የባለድርሻ አካላት ልየታ

ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ሥራውን ሲጀምር በአብዛኛው ባለአራት ክፍል ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። በአንዱ አቅጣጫ ተፅዕኖ፣ በሌላው ፍላጎት ይለካል። በሜንደሎው ስም የሚታወቀው ይህ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ክፍል መመሪያም አለው፦ ተፅዕኖውም ፍላጎቱም ከፍ ያለውን በቅርብ መያዝ፣ ተፅዕኖ ኖሮት ፍላጎቱ ዝቅ ያለውን ማርካት፣ ፍላጎት ኖሮት ተፅዕኖ የሌለውን ማሳወቅ፣ ሁለቱም የሌሉትን ደግሞ ከሩቅ መከታተል። በዚህ ስሌት ለጋሹና ወረዳው ከላይ ሲቀመጡ፣ ፕሮጀክቱ የተቀረጸለት ተጠቃሚ «ይነገረው» በሚባለው ክፍል ውስጥ ይወድቃል።

ሠንጠረዡ ያለውን የኃይል አሰላለፍ በትክክል ይገልጻል፤ ስሕተቱ የሚመጣው ገለጻው ወደ ትእዛዝ ሲለወጥ ነው። በንግድ ድርጅት ቅር የተሰኘ ደንበኛ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል፤ ቅሬታውም በገቢ መዝገብ ላይ ወዲያውኑ ይታያል። በበጎ አድራጎት ሥራ ግን የሚከፍለው አንድ፣ የሚቀበለው ሌላ ነው። የተጠቃሚው ቅሬታ በገቢ ላይ ስለማይንጸባረቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ የውኃ ፓምፑ ተበላሽቶ የሚጠግነው ሲጠፋ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሚቸል፣ ኤግል እና ዉድ እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረቡት ሞዴል የተሻለ መነሻ ይሆናል። ሞዴሉ ሦስት ባሕርያትን ይጠይቃል፦ ሥልጣን፣ የጥያቄው ተገቢነት እና አጣዳፊነት። ሦስቱንም ያሟላ አካል ወሳኝ ባለድርሻ ይባላል። ተገቢነትና አጣዳፊነት ኖሮት ሥልጣን የሌለው ደግሞ ጥገኛ ባለድርሻ ነው፤ ጥያቄው የሚሰማው ሥልጣን ያለው ሌላ አካል ሲደግፈው ብቻ ነው። የእርዳታ ፕሮጀክት ተጠቃሚ በአብዛኛው በዚህ ምድብ ይገኛል። ስለዚህ የሥራ አስኪያጁ ጥያቄ «ምን እናሳውቀው?» ከሚለው ወደ «የማንን ሥልጣን እናውሰው?» ወደሚለው ይሸጋገራል።

አሠራሩን ለማየት አንድ ምናባዊ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ድርጅት በአንድ የደጋ ወረዳ በሁለት ዓመት ውስጥ 12 የእጅ ፓምፕ የተገጠመላቸው ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ለመቆፈር ውል ገብቷል። ለጋሹ 12ቱም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ተጠናቅቀው ማየት ይፈልጋል። የወረዳው አስተዳደር ለ12 ቀበሌዎች አንዳንድ ይድረሳቸው ይላል፤ ይህም ፍትሐዊ የሚመስል ጥያቄ ነው። የተመረጠው አፍሪዴቭ ፓምፕ ግን እስከ 45 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላለው ውኃ የሚስማማ ስለሆነ፣ ውኃው ከዚያ በታች በሚገኝባቸው ቀበሌዎች እኩል ክፍፍሉ ደረቅ ጉድጓድ ወይም ሥራ የማይችል ፓምፕ ማለት ሊሆን ይችላል። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ደግሞ የሚጠይቁት ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለ ርቀቱ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ማጨቅ አያዋጣም። የሚሻለው ልየታውን በተቋማት ስም ከመጀመር ይልቅ በውሳኔዎች መጀመር ነው። በዚህ ፕሮጀክት አራት ዋና ዋና ውሳኔዎች አሉ፦ የቦታ መረጣ፣ የፓምፕ ዓይነት፣ የአገልግሎት ክፍያ እና ርክክብ። ለእያንዳንዱ ውሳኔ ማን ይፈርማል ወይም ሊያስቆም ይችላል፣ ውሳኔው ቢበላሽ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል፣ የማን ጥያቄ ጊዜ አይሰጥም ተብሎ ይጠየቃል።

የቦታ መረጣን ብቻ እንይ። የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ሥልጣንም ተገቢነትም አለው፤ ጥያቄው የሚያጣድፈው ግን የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ ነው። ለጋሹም ሁለቱ አሉት፤ የእርሱ ጥድፊያ በታኅሣሥ ይመጣል። የሴቶቹ ጥያቄ በየቀኑ አጣዳፊ ነው፤ በበጋው መገባደጃ ምንጮች ሲደርቁ ደግሞ ይብሳል፤ ሥልጣን ግን የላቸውም። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከመጀመሪያው ያልተጠራ አንድ ሰውም ብቅ ይላል፦ ጉድጓዱ የሚቆፈርበት ማሳ ባለይዞታ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም የመጠቀም መብቱ የእርሱ ነው፤ መተላለፊያ ቢከለክል ሥራው ይቆማል። በጠቅላላ ሠንጠረዥ ውስጥ ከቁጥር የማይገባው ገበሬ በዚህ አንድ ውሳኔ ላይ ወሳኝ ባለድርሻ ነው። በውሳኔ መለየት የሚጠቅመውም እንዲህ ያለውን ሰው ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ስለሚያሳይ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ለጥገኛው ባለድርሻ ሥልጣን ማዋስ ነው። ለምሳሌ በፕሮጀክት ስምምነቱ ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የውኃ መገኘት ጥናት ያለፉ አማራጭ ቦታዎች ለተጠቃሚዎች ቀርበው፣ ሴቶች አባላት የሆኑበት የውኃ ኮሚቴ የመረጠበት ቃለ ጉባኤ ካልተያያዘ የቁፋሮው ክፍያ አይለቀቅም የሚል አንቀጽ ይገባል። እንዲህ ሲሆን የለጋሹ የገንዘብ ሥልጣን ለሴቶቹ ጥያቄ ጉልበት ይሆናል። ወረዳውም «ለምን ለዚያ ቀበሌ ሦስት ተሰጠ?» ለሚለው ጥያቄ የሚያሳየው የጥናትና የምርጫ ሰነድ ያገኛል። የምክክሩ ወጪ ግን ከመነሻው እንደ ፕሮጀክት ተግባር በበጀት መያዝ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የድርጅቱ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ ስለማይችል፣ ዘግይቶ የታሰበ ምክክር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰረዘው ወጪ ይሆናል።

የዚህ ዘዴ ወሰን ግልጽ ነው፦ የተዋሰ ሥልጣን ከአዋሹ ጋር ይሄዳል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የክፍያ ቅድመ ሁኔታውም ያከትማል። ስለዚህ በርክክብ ውሳኔ ላይ ጥያቄው ለኮሚቴው የራሱ የሆነ ምን ይቀራል የሚል ይሆናል፦ በስሙ የተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ፣ የመለዋወጫ መግዣ ክፍያ የመወሰን ሥልጣን፣ ሕጉ በሚፈቅድበት ክልልም ሕጋዊ ሰውነት። እነዚህ ከሌሉ ኮሚቴው በፕሮጀክቱ ማግስት ወደ ጥገኝነቱ ይመለሳል።

ልየታው ሥራ ላይ መዋሉንና አለመዋሉን የሚያሳዩ ሦስት ምልክቶች አሉ። አንደኛው የቃለ ጉባኤ ፊርማ ነው፤ በ«ተጠቃሚ» ስም የፈረሙት የቀበሌ ሹማምንት ብቻ ከሆኑ፣ በካርታው ላይ ያለው ተጠቃሚ የመስተዳድሩ ጥላ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ የወረዳው አስተዳዳሪ ተቀይሮ ወይም ሰኔና ታኅሣሥ አልፈው ሰነዱ ካልታደሰ፣ የሚያሳየው ያለፈውን አሰላለፍ ነው። ሦስተኛውና ጠንካራው መፈተኛ ውሳኔው ራሱ ነው፦ ባለፉት ስድስት ወራት በተጠቃሚዎች ጥያቄ የተለወጠ አንድ ቦታ፣ አንድ ክፍያ ወይም አንድ የጊዜ ሰሌዳ መኖሩን መጠየቅ። በለጋሽ ደብዳቤ የተለወጡት ብዙ፣ በተጠቃሚ ቃል የተለወጠ ግን አንድም ከሌለ፣ ተጠቃሚው አሁንም ያለው «ይነገረው» በሚለው ክፍል ነው።