ቀለሟ ዝርያዋ አይደለም

የድመት ፎቶ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «ዝርያዋ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። መልሱም በአብዛኛው ከጸጉሯ ላይ ይነበባል። ጥቁር ሰረዝ ያላት «ታቢ» ትባላለች፤ ጥቁርና ብርቱካናማ የተደባለቀባት «ቶርቲ»፤ ነጭ ሲታከልበት ደግሞ «ካሊኮ»። ሦስቱም ስሞች ትክክል ናቸው፤ ግን አንዳቸውም የዝርያ ስም አይደሉም። የሚናገሩት ስለ ጸጉሯ መልክ ብቻ ነው።

ይህ ለከብት አርቢ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ላሙን ቀይ፣ ዳልቻ፣ ቡሬ ብሎ የሚጠራት በመልኳ ነው። ዝርያዋን ሲጠየቅ ግን ቦረና፣ ፎገራ ወይም በጋይት ናት ይላል። ቀይ ላም ሁሉ ቦረና እንዳልሆነች ያውቃል። ድመትን በተመለከተ ግን ብዙዎቻችን መልኳን ዓይተን ዝርያዋን እንወስናለን።

የድመት ዝርያ የሚባለው ሰዎች መርጠው ለብዙ ትውልድ ያዳቀሉት፣ የሰውነት ቅርጹ በጽሑፍ የተደነገገ፣ የእያንዳንዷ ድመት ወላጆችና አያቶች በመዝገብ የሰፈሩለት ነው። ሥራው ረጅም ዕድሜ የለውም። ለዛሬው የድመት ውድድር መነሻ የሆነው ታላቁ ኤግዚቢሽን በለንደን ክሪስታል ፓላስ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎችም ከዚያ ወዲህ የተለዩ ናቸው። የጸጉር ሰረዝ ግን ከሰው ምርጫ በእጅጉ ይቀድማል፤ የቤት ድመት የተገኘችባት የአፍሪካ የዱር ድመት ራሷ ባለ ሰረዝ ናት።

ታቢ የሚባለው መልክ አራት ዓይነት ነው። አንደኛው ከጀርባ ወደ ሆድ የሚወርዱ ቀጫጭን ሰረዞች ያሉት ነው። ሁለተኛው ጎንና ጎኑ ላይ እንደ ጥምዝ የሚዞር ሰፊ ጥቁር መስመር አለው። ሦስተኛው ነጠብጣብ ነው። አራተኛው ከሩቅ ሲያዩት ምንም ጥለት የሌለው ይመስላል፤ በቅርበት ሲታይ ግን እያንዳንዷ የጸጉር ዘለላ ፈዘዝና ጠቆር እያለች የተቀለመች ናት። አራቱንም የሚያገናኘው ግንባር ላይ የሚታየው የላቲን ፊደል ኤምን የሚመስል ምልክትና በዓይን ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ መስመር ነው። ብርቱካናማ ድመቶች ደግሞ ሁልጊዜ ጥቂትም ቢሆን ሰረዝ ይታይባቸዋል። ሌሎች ድመቶችን አንድ ወጥ ጥቁር የሚያደርገው ዘረመል በብርቱካናማው ቀለም ላይ አይሠራም። ስለዚህ ብርቱካናማና ባለ ሰረዝ መሆን የአንድ የተለየ ዝርያ ምልክት ሊሆን አይችልም።

የቶርቲ ነገር ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ነው። ብርቱካናማውን ቀለም የሚወስነው ዘረመል የሚገኘው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ድመት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ የብርቱካናማ፣ ሌላው የጥቁር ሊሆን ይችላል። ፅንሱ ገና በጅምር ላይ እያለ እያንዳንዱ ሕዋስ ከሁለቱ አንዱን ያጠፋል፤ የትኛው እንደሚጠፋ የሚወስነው ዕድል ነው። ከዚያ ሕዋስ የሚወለዱት ሁሉ ያንኑ ምርጫ ይዘው ይቀጥላሉ። እንግሊዛዊቷ ሳይንቲስት ሜሪ ላየን ይህንን አሠራር ያቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በቶርቲ ድመት ጀርባ ላይ የምናየው ብርቱካናማና ጥቁር መጠቃቀሚያ የዚያ የጥንት ዕድል ካርታ ነው። ወንድ ድመት አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ቶርቲ አይሆንም፤ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ኤክስ ይዞ ሲወለድ ነው፤ ይህም ከሦስት ሺህ አንድ ያህል ነው ይባላል፤ እንዲህ ያለው ወንድም አብዛኛውን ጊዜ መካን ነው።

ታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የተወለደችው ድመት ይህን በዓይን አሳይታለች። ሬንቦ ከምትባል ካሊኮ ድመት ሕዋስ ተወስዶ የተቀዳች የመጀመሪያዋ የቤት ድመት ናት፤ ስሟ ሲሲ ነው። ዘረመሏ የሬንቦ ቅጂ ነበር፤ ጸጉሯ ላይ ግን ብርቱካናማ ቀለም ፈጽሞ አልታየም፤ ቡናማ ሰረዝና ነጭ ብቻ ነበራት። የተወሰደው ሕዋስ ብርቱካናማውን ኤክስ ቀድሞ አጥፍቶት ነበር። በዘረመል አንድ የሆኑ ሁለት ድመቶች እንኳ በመልክ ይህን ያህል ከተለያዩ፣ መልክን ይዞ ዝርያን መናገር የትም አያደርስም።

ለእኛ አንባቢዎች ግን ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ስለ አቢሲኒያን ድመት ነው፤ ስሟ የሀገራችንን የቀድሞ መጠሪያ ይዟልና። እ.ኤ.አ. በ1874 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ አንድ የድመት መጽሐፍ ዙላ የምትባል ድመት ሥዕል አለው፤ ከመቅደላው ጦርነት ማብቂያ በኋላ ከአቢሲኒያ የመጣች ናት ይላል። ዙላ የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር ዳርቻ የወረደበት ቦታ ስም ነው። ይሁን እንጂ በኔዘርላንድስ ላይደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከ1834 እስከ 1836 ባለው ጊዜ የተገዛ የዚሁ መልክ ድመት አለ፤ ከእርሱ ጋር የተጻፈው አገር ህንድ ነው። የዘረመል ጥናቶችም መነሻዋን ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይጠቁማሉ። ስለዚህ ዝርያው ዛሬ የያዘውን ቅርጽ ያገኘው በአርቢዎች እጅ ነው፤ ድመቷ ኢትዮጵያ ስለተገኘች ብቻ አቢሲኒያን አትሆንም።

አቢሲኒያን ታቢ ካልናቸው አራት መልኮች የመጨረሻውን፣ ማለትም በዘለላ የተቀለመውን ትለብሳለች። ይህ መልክ ግን ለእሷ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ስህተቱም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ፎቶ አሳይታኝ «አቢሲኒያን ናት ብለው ነው የሰጡኝ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። ድመቷ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ጎኗ ላይ ምንም ሰረዝ የለም፤ ጸጉሯ የአሸዋ መልክ አለው። በመጀመሪያ ስልኩ ላይ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረግሁት። ቀለሙ ሲጠፋ ዓይን የሚያርፈው አጥንት ላይ ነው። አቢሲኒያን ልስልስ ያለ ሦስት ማዕዘን የሚመስል ራስ፣ ትልልቅና ወደ ፊት የቆሙ ጆሮዎች፣ ለውዝ የሚመስሉ ዓይኖች፣ ቀጭንና ጡንቻማ አካል አላት። የጎረቤቴ ድመት ፊቷ ክብ፣ ጉንጮቿ ሰፊ፣ ጆሮዎቿ መካከለኛ ነበሩ።

ቀጥዬ ፎቶውን አጎላሁትና የፊት እግሮቿን አየሁ። በሁለቱም ላይ ጥቁር ቀለበቶች ተደራርበዋል፤ ጅራቷ ላይም አሉ፤ አንገቷ ላይ ደግሞ የተቆራረጠ ሐብል የመሰለ መስመር ነበራት። ይህ ብዙ ይናገራል። የዚህ መልክ ዘረመል ከአባትም ከእናትም ሲወረስ እግርና ጅራት ከሰረዝ የጸዱ ይሆናሉ፤ ከአንዱ ብቻ ሲወረስ ጎኑ ይጸዳል እንጂ እግር ላይ ቀለበቶች ይቀራሉ። የአቢሲኒያን አርቢዎች እነዚህን ሰረዞች ለማጥፋት ለትውልዶች ሲመርጡ ኖረዋል፤ በዝርያው መመዘኛም እንደ ጉድለት ይቆጠራሉ። በመጨረሻ ደረቷን አየሁ፤ እጅ የሚያህል ነጭ ነበረ። በአቢሲኒያን ነጭ የሚፈቀደው በአፍንጫ ዙሪያ፣ በአገጭና በጉሮሮ ላይኛው ክፍል ብቻ ነው።

ለጎረቤቴ የነገርኳት ይህን ነው፦ ድመቷ የተራ የቤት ድመት ናት፤ መልኳ በዘለላ የተቀለመ ታቢ ነው። ቢሆንም ሦስቱም ምልክቶች ቢገጣጠሙ እንኳ ልል የምችለው «አቢሲኒያን ትመስላለች» ብቻ ነበር። ማረጋገጫው የዘር መዝገብ ወረቀት ነው። ምክንያቱም ወላጆቿ ያልተመዘገቡ ሁለት የቤት ድመቶች አንዳንዴ የዝርያ ድመት የምትመስል ልጅ ይወልዳሉ።

ፎቶው ራሱም ያታልላል። ስልክ በቅርብ ሲያነሳ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ያሳንሳል፤ የራስን ቅርጽ ያዛባል። ቢጫ አምፖል ግራጫውን ቡናማ ያስመስለዋል። በልጅነታቸው የፈዘዘ ሰረዝ የሚታይባቸው አንድ ወጥ ቀለም ያላቸው ድመቶችም አሉ፤ ሲያድጉ ይጠፋል። ስለዚህ ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ሁለት ሜትር ያህል ራቁ፤ ካሜራውን በድመቷ ዓይን ከፍታ ያዙት፤ በመስኮት በሚገባ የቀን ብርሃን አንሷት። አንዱ ፎቶ ፊቷን ከፊት፣ አንዱ ቆማ ከጎን፣ አንዱ እግርና ጅራቷን፣ አንዱ ጸጉሯን በቅርበት የሚያሳይ ይሁን።

ከፎቶ የበለጠ ምልክት የሚሰጡ ነገሮችም አሉ። የታጠፈ ጆሮ፣ ጸጉር አልባነት፣ የተጠቀለለ ጸጉር፣ በጣም አጭር እግር ከቀለም የተለዩ የሰውነት ምልክቶች ናቸው፤ ከተወሰኑ ዝርያዎች ጋርም ይያያዛሉ። ሆኖም እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጅራቷ አጭር የሆነች ድመት በአደጋ አጥታው ሊሆን ይችላል፤ ጆሮዋ የተጣጠፈ ድመትም በጆሮ ውስጥ ደም ቋጥሮ የተበላሸ ሊሆን ይችላል።

የዝርያ ስም ተጠርቶ ከፍ ያለ ዋጋ የተጠየቀበትን ድመት ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የወላጆቿን ፎቶ፣ የመዘገባትን ድርጅት ስምና የዘር መዝገቧን። ሻጩ ሦስቱንም ካላሳየ የዝርያ ዋጋ አትክፈሉ። ወረቀት የሌላትን ድመት ደግሞ ባለችበት ስም ጥሯት፤ ባለ ሰረዝ ታቢ፣ ቶርቲ፣ ካሊኮ። ፎቶ በእርግጠኝነት የሚነግረን ይህን ያህል ነው።