የዲስከስ ሴክተር፦ ቅስቱና ስፋቱ

በዲስከስ ውርወራ ዲስከሱ ማረፍ ያለበት በሁለት ነጭ መስመሮች መካከል ነው። መስመሮቹ ከመወርወሪያው ክብ መሃል ተነስተው እየተራራቁ ይሄዳሉ። በመካከላቸው ያለው ዘዌ 34.92 ዲግሪ ነው። ከአንድ ትልቅ ክብ ላይ የተቆረጠውን ይህን ቁራጭ ሴክተር እንለዋለን፤ ዳር ላይ የሚዘጋው ጎባጣ መስመር ደግሞ ቅስት ይባላል።

34.92 እንዲያው የመጣ ቁጥር አይደለም። ከመሃሉ 20 ሜትር ርቀን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ቀጥታ ብንለካ ልክ 12 ሜትር እናገኛለን። ስለዚህ ሜዳውን የሚያሰምረው ሰው ዘዌ መለኪያ አያስፈልገውም፤ ሜትር ብቻ ይበቃዋል።

አሁን ከመሃሉ 70 ሜትር ላይ ያለውን ቅስት እናስላ። አንድ ሙሉ ክብ 360 ዲግሪ ስለሆነ 34.92ን ለ360 ስናካፍል 0.097 ይመጣል፤ ሴክተሩ የክቡ 9.7 በመቶ ነው ማለት ነው። ሬዲየሱ 70 ሜትር የሆነ ክብ ዙሪያው 439.8 ሜትር ነው። የዚህ 9.7 በመቶ 42.66 ሜትር ይሆናል፤ የቅስቱ ርዝመት ይኸው ነው።

ዲግሪ ዘዌው የሙሉው ክብ ስንት እጅ እንደሆነ ይነግረናል፤ ራዲያን ግን ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፦ ለእያንዳንዱ የሬዲየስ ሜትር ስንት ሜትር ቅስት ይደርሰዋል? 34.92ን በπ አባዝተን ለ180 ስናካፍል 0.6095 ራዲያን እናገኛለን። ስለዚህ ቅስቱን ለማግኘት ሬዲየሱን በዘዌው ማባዛት ብቻ ይበቃል፤ 70 ሲባዛ በ0.6095 ያው ወደ 42.66 ሜትር ይሰጣል።

ስፋቱን ለማግኘት ሴክተሩን ከመሃል እስከ ዳር በጣም ቀጫጭን አድርገን እንሸንሽነው። እያንዳንዱ ሽንሽን ቁመቱ 70 ሜትር ገደማ የሆነ ሦስት ማዕዘን ይመስላል፤ የሁሉም መሠረት ሲደመር ደግሞ ቅስቱን ይሰጣል። የሦስት ማዕዘን ስፋት የመሠረቱና የቁመቱ ብዜት ግማሽ ስለሆነ የሴክተሩ ስፋት የ70 እና የ42.66 ብዜት ግማሽ፣ ማለትም 1,493 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ቅስቱን s፣ ሬዲየሱን r፣ ዘዌውን θ፣ ስፋቱን A ብለን በቀመር ስንጽፈው፦

በራዲያን፦ s = rθ፣ A = ½r²θ
በዲግሪ፦ s = (θ/360) × 2πr፣ A = (θ/360) × πr²

ሬዲየሱን ወደ 35 ሜትር ብናወርደው ቅስቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስፋቱ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ቁመቱም መሠረቱም በአንድ ጊዜ በግማሽ ቀንሰዋል።

ተማሪዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት ዲግሪውን በራዲያን ቀመር ውስጥ ሲያስገቡ ነው። 70ን በ34.92 ብናባዛ 2,444 ሜትር ይመጣል፤ ሙሉው ክብ ግን 440 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቅስት ከክቡ ዙሪያ ከበለጠ ስሌቱ ስህተት ነው። ሌላው ጥንቃቄ ሬዲየሱን ይመለከታል። የውርወራ ርቀት የሚለካው ከመሃል ሳይሆን ከመወርወሪያው ክብ የውስጥ ጠርዝ ነው፤ ጠርዙም ከመሃሉ 1.25 ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ውጤቱ 68.75 ሜትር ሲሆን፣ ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ሬዲየስ 70 ነው።