«Q0ን ክፈት» ሲባል

ቤት ውስጥ «ሬዲዮውን ክፈተው» ሲባል ድምፅ ይመጣል፣ «ዝጋው» ሲባል ጸጥ ይላል። ቧንቧም ሲከፈት ውሃ ይፈሳል። ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ክፍት ብሬከር ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የሚያሳልፈው የተዘጋው ነው። «ክፍት» የተባለው ተነካክተው የነበሩት ብረቶች ተራርቀው በመካከላቸው ክፍተት ስለተፈጠረ ነው።

ነጠላ መስመር ሥዕል ሦስቱን ፌዞች በአንድ መስመር የሚያሳይ የጣቢያው ካርታ ነው። ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ችግሩ ያለው በአጠገቡ በሚጻፉት ቃላት ላይ ነው።

ለዳባትና ለደባርቅ ወገን የተዘጋጀ የሥራ ማስጀመሪያ ሰነድ ትርጉም እንዳይ ተሰጥቶኝ ነበር። አንድ ወጣት ኦፕሬተር በትከሻዬ በኩል አነበበና «ጋሼ፣ ‹Q0ን ክፈት› የሚለው መብራቱን ልልቀቅ ማለት ነው?» አለኝ። ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱን እንጂ ይህን ልጅ አላሰበውም።

መስመር ለጥገና ሲወጣ መጀመሪያ ብሬከሩ Q0 ይቋረጣል። ቀጥሎ አይሶሌተሮቹ Q1 እና Q9 ይነጠላሉ። መስመሩ ባዶ መሆኑ በመሣሪያ ከተረጋገጠ በኋላ Q8 ከመሬት ያገናኘዋል። ኃይል ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ያን ጊዜ «Q8ን ክፈት» የሚለውን «አገናኝ» ብሎ የተረዳ ሰው መስመሩን ከመሬት እንደተያያዘ ይተወዋል። ኢንተርሎኩ ካልከለከለው Q0 ሲገናኝ ሦስቱም ፌዞች በቀጥታ መሬት ላይ ይወድቃሉ።

ስለዚህ ለብሬከር «አቋርጥ» እና «አገናኝ» አልን። አይሶሌተር ጭነት ያለበትን መስመር የሚቆርጥበት፣ የእሳት ቅስቱን የሚያጠፋበት ክፍል ስለሌለው «ነጥል» የሚል የራሱ ቃል ተሰጠው፤ ሁለቱን «ማቋረጫ» ብሎ አንድ ስም መስጠት ስንፍና ነው። ሪሌው ራሱ ብሬከሩን ሲጥለው ግን «ትሪፕ» ብለን ተውነው፤ ሰው ካቋረጠው መለየት አለበት። መብራቱም ያደናግራል፦ በብዙ ፓነሎች ቀይ የተገናኘ፣ አረንጓዴ የተቋረጠ ነው፤ የመንገድ መብራት የለመደ ዓይን ተቃራኒውን ያነባል።

ተርጓሚዎች እንደማያስፈልግ ቆጥረው የሚዘሉት ሌላም ሐረግ አለ፤ «እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ» የሚለው። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው የኢንሱሌሽን ቁጥር በተለምዶ የሚሠራው እስከዚያ ነው። ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ከውጭ ያለው ኢንሱሌሽን ሊኖረው የሚገባው አቅም ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይጨምራል።

Q0ን «ቁ0» ብሎ የጻፈም ገጥሞኛል። ግቢው ውስጥ ብረቱ ላይ የተለጠፈው Q0 ነው፤ በሬዲዮ ትዕዛዝ የተቀበለው ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ያ ወጣት አሁን ትዕዛዙን ደግሞ የሚያነበው «Q0 ተቋርጧል፣ አረንጓዴ» እያለ ነው።