ማግኔት የያዘው የእጅ ሰዓት

በመጠምዘዣ የሚሞላ የእጅ ሰዓት በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማግኔት ነው። የሰዓቱን ምት የሚቆጣጠረው እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥምዝ ሽቦ ማግኔት ሲይዘው ጥምዞቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሽቦው ያጠረ ያህል ስለሚሆን ምቱ ይፈጥናል። ሰዓቱ ሲጠጋው የኮምፓስ መርፌ ከተወዛወዘ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የማግኔት ማጥፊያ ቁልፉ እንደተጫነ ሰዓቱ ከላዩ ቀስ እየተባለ እስከ አንድ ክንድ ይርቃል፤ ቁልፉ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተለቀቀ ማግኔቱ ሊመለስ ይችላል።

የባትሪ ሰዓት ማግኔት አጠገብ ቢቆምም ሲርቅ አብዛኛውን ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል። ሌላውን ግን ከድምፅ ማጉያ፣ ከታብሌት ሽፋንና ማግኔት ካለው የቦርሳ መዝጊያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማራቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።