የተተረጎመ አኅፅሮተ ጥናት ሲታረም፤ አማርኛው ይቃና፣ ግኝቱ አይነካ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.አ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚያሳትመውን መጽሔት ጨምሮ፣ በአማርኛ የተጻፉ ጥናቶችን የሚያስተናግዱ የምርምር መጽሔቶች አሉ። ብዙ ተመራማሪዎች ግን ሥራቸውን የሚያዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አኅፅሮተ ጥናቱ፣ ማለትም በጽሑፉ መግቢያ ላይ ጥናቱን በአጭሩ የሚያቀርበው አንቀጽ፣ ተተርጉሞ ገምጋሚው ዘንድ ይደርሳል። ትርጉሙ ሻካራ ከሆነ ገምጋሚው ገና ከመጀመሪያው ይሰለቻል። አራሚው ሲያለሰልሰው ደግሞ ጥናቱ ያላለው ነገር ሊገባበት ይችላል።

ለማሳያ ያህል አንድ ምናባዊ ጥናት እንውሰድ። ቦታው ከሱዳኑ ጦርነት በፊት የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን መሰባሰቢያ በመሆን ይታወቅ የነበረው የካርቱሙ ዴም ሰፈር ነው። በቀጥታ የተተረጎመው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይነበባል፦

«በ2014 ዓ.ም. በዴም ሰፈር ውስጥ በሚገኙ ሻይና ቡና በመሸጥ በሚተዳደሩ 40 ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ በተደረገ ቃለ መጠይቅ ላይ በመመሥረት፣ የመኖሪያ ፈቃድ መኖር ከከፍተኛ የቀን ገቢ ጋር ጉልህ ተያያዥነት እንዳለው እና ይህም በከፊል ከፖሊስ ቅጣት መቀነስ ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ተመላክቷል።»

ችግሩ ግልጽ ነው። «ላይ» ይደጋገማል፣ አንባቢው ማሰሪያ አንቀጹን ለማግኘት ረጅም መንገድ ይጓዛል። አንድ ጆሮው ያማረ አራሚ እንዲህ ሊያቃናው ይችላል፦ «በዴም ሻይና ቡና የሚሸጡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የመኖሪያ ፈቃድ ሲያገኙ ገቢያቸው ያድጋል፤ ፖሊስ አይቀጣቸውምና።»

አማርኛው ያምራል፤ ጥናቱ ግን ሌላ ሆኗል። 40 ሴቶች የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሆኑ። ዝምድና የነበረው ምክንያትና ውጤት ሆነ። የቅጣት «መቀነስ» ቅጣት አልባነት ሆነ። «በከፊል» እና «ሊሆን ይችላል» ጠፉ። ያለፈው ጊዜም የዘወትር ሆነ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ስህተት አይደለም፤ ጦርነቱ የካርቱምን ነዋሪዎች ከበተነ በኋላ «ያድጋል» የሚል ቃል ስለ ዛሬው ዴም መናገር ነውና።

ጥርጣሬው በቀላሉ የሚጠፋበት ምክንያት የቋንቋው አሠራር ነው። አማርኛ እርግጠኝነትን ወይም ግምትን የሚያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ በማሰሪያ አንቀጹ ነው። ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሲቆረጥ «ሊሆን ይችላል» የሚቀረው በአንደኛው ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሌላው ሳይታሰብ እርግጥ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አራሚው ከመቁረጡ በፊት ግምቱ የትኛውን ሐሳብ እንደሚመለከት ለይቶ፣ ከዚያው ሐሳብ ጋር ማስቀመጥ አለበት። እዚህ ግምቱ የሚመለከተው ስለ ፖሊስ ቅጣት የተባለውን እንጂ የገቢውን ልዩነት አይደለም።

«ጉልህ» የሚለውም ቃል ያሳስታል። በስታቲስቲክስ ቋንቋ ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ ተገኘ ለማለት አስቸጋሪ መሆኑን እንጂ ትልቅ መሆኑን አይናገርም። «እጅግ ከፍተኛ» ብሎ የሚለውጠው አራሚ አዲስ ግኝት ፈጥሯል።

ዓመተ ምሕረቱ ደግሞ ብዙ አራሚዎች የማይጠረጥሩት ወጥመድ ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ 2022 ብቻ የሚል ከሆነ፣ 2014 ዓ.ም. ብሎ መመለስ ግምት ነው፤ ቃለ መጠይቁ በጥቅምት ተደርጎ ከሆነ 2015 ይሆናልና። ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ወሩ ሳይጠቀስ 2015 ብቻ ተብሎ ቢጻፍም አንባቢው ጥናቱ በጦርነቱ ጊዜ የተካሄደ ሊመስለው ይችላል። ወሩ እስኪታወቅ ድረስ «እ.አ.አ. 2022» ብሎ መተው ይሻላል።

እነዚህ ሁሉ ከግምት ሲገቡ የሚከተለው ይገኛል፦

«ጥናቱ እ.አ.አ. በ2022 በካርቱም ዴም ሰፈር ሻይና ቡና በመሸጥ ይተዳደሩ ከነበሩ 40 ኢትዮጵያውያን ሴቶች ጋር በተደረገ ቃለ መጠይቅ ላይ የተመሠረተ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የነበራቸው ተሳታፊዎች የቀን ገቢ ፈቃድ ካልነበራቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ መመዘኛ ጉልህ ነው። ይህ ዝምድና በከፊል ከፖሊስ ቅጣት መቀነስ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።»

«አነጋግረናል» ማለት ለጆሮ ይቀል ነበር። ነገር ግን ጠያቂዎቹ አጥኚዎቹ ራሳቸው መሆናቸውን ዋናው ጽሑፍ አይናገርም። አራሚው 40 ሰው አነሰ ብሎ ቢያስብም፣ «ከጦርነቱ በፊት» የሚል ሐረግ ቢጨመር ጥሩ ነው ቢልም፣ ቦታው የኅዳግ ማስታወሻ ነው፤ ውሳኔው የጸሐፊው ነው።

ለማጣራት የሚረዳ አንድ መንገድ አለ። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ያላየ ሰው የታረመውን አማርኛ አንብቦ ማን፣ ስንት፣ መቼ፣ የቱ ከየቱ በለጠ፣ ምን ያህል እርግጠኛ የሚሉትን በራሱ ቃል ይጻፍ። ዝርዝሩ ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ሰውየው ስለ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «ፖሊስ መቅጣት ስለተወ» ብሎ ከጻፈ፣ መታረም ያለበት አንባቢው ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ነው።