ትርፉ ያለው በመጨረሻዎቹ 18 ጥንድ ጫማዎች ላይ ነው

ከመርካቶ ዕቃ ይዘው ወደ መሐል ሜዳ መውጣት የሚያስቡ ልጆች ብዙ ጊዜ «ስንት አትርፎ ይሸጣል?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱን በላስቲክ ጫማ ላሳያችሁ። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ብቻ ያዟቸው።

10 ደርዘን፣ ማለትም 120 ጥንድ፣ አንዱን በ250 ብር ገዛችሁ እንበል። 30,000 ብር ወጣ። ከመርካቶ ላምበረት መናኸሪያ ማድረሻ፣ የተሸካሚ፣ የአውቶቡስ ላይ ጭነት፣ የራሳችሁ ደርሶ መልስ፣ ምግብና አልጋ ሲደመር 3,600 ብር ቢሆን፣ አንዱ ጫማ 280 ብር ገባ ማለት ነው። በ330 ስትሸጡት 50 ብር ታተርፋላችሁ፤ ሁሉም ካለቀ 6,000 ብር።

ችግሩ «ሁሉም ካለቀ» የሚለው ላይ ነው። ያወጣችሁት 33,600 ብር የሚመለሰው 102ኛው ጥንድ ሲሸጥ ነው። ትርፉ የቀሩት 18 ጥንዶች ናቸው። እነሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ያልፈለጋቸው ቁጥሮች ናቸው፤ መሐለኛው ቁጥር ቶሎ ያልቅና በጣም ትልቁና በጣም ትንሹ ይቀራል። ስለዚህ ከጅምላ ሻጩ ጋር ዋጋ ከመከራከር በፊት ደርዘኑ ውስጥ ከየቁጥሩ ስንት ስንት እንዳለ ቁጠሩ፤ ያልተሸጠው በሌላ ቁጥር ይቀየር እንደሆነም ቀድማችሁ ተስማሙ።

ሌላው ጥራቱ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም ከተማ ነው። መርካቶ በቀትር ፀሐይ ለስላሳ የመሰለ ጫማ እዚያ በጠዋት ብርድ ይደርቃል። የመንዝ ገበሬ ደግሞ ጫማውን አንስቶ አፍንጫውን ወደ ተረከዙ ሳያጥፍ ብር አያወጣም። እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ካየ አስቀምጦት ይሄዳል። እናንተም ስትገዙ እንዲሁ አጥፋችሁ እዩ።

ጊዜውንም ከገበሬው ኪስ ጋር አስተያዩ። በግ በሚሸጥበት የበዓል ሰሞንና ገብስ ከገባ በኋላ ጥሬ ብር አለ፤ በሌላው ጊዜ የሚጠየቀው ዱቤ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል፣ በብድር ብር ለበዓል ዋዜማ ብቻ ብሎ መጫን አደገኛ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ደብረ ብርሃን ያሉትን ጅምላ ሻጮችም ጠይቁ። እዚያ ጥንዱ በ15 ብር ቢወደድም መንገዱ ስለሚያጥር ልዩነቱ በትራንስፖርት ሊካካስ ይችላል። እኔ ብሆን ዋናውን ጭነት ከመርካቶ አመጣለሁ፤ ያለቀውን ቁጥር ብቻ ደግሞ ከደብረ ብርሃን በሁለት በሦስት ደርዘን እሞላለሁ። እንዲህ ሲሆን ገዢው ቁጥሩን አጥቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ አይሄድም፤ ከእናንተም ዘንድ የማይሸጥ ቁጥር አይከማችም።